የጂ+1 ቤት ሲሠራ የስጋት መዝገብ እንዴት ይያዛል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

መልሶቹ ሁሉ በአንድ ምሳሌ ዙሪያ ናቸው። ቦታው አዲስ አበባ ደቡብ ምሥራቅ ጫፍ ላይ፣ ጥቁር አፈር በበዛበት ሰፈር ያለ 250 ካሬ ሜትር ነው። ቤቱ ጂ+1፣ የሁለቱ ወለሎች ስፋት ሲደመር 240 ካሬ ሜትር፣ በጀቱ 12 ሚሊዮን ብር ሲሆን ሥራው ጥር ላይ ተጀምሮ በ12 ወር እንዲያልቅ ታስቧል። ኮንትራክተሩ የተዋዋለው በእጅ ዋጋ ብቻ ስለሆነ ዕቃ የሚገዛው አሠሪው ነው። ብሮቹ ስሌቱን ለማሳየት የተቀመጡ እንጂ የገበያ ዋጋ አይደሉም።

ፎርማኑ ሁሉን ያውቀው የለም ወይ? ለአንድ ቤት መዝገብ ምን ያደርጋል?

ልምድ ያለው ፎርማን ምን ሊበላሽ እንደሚችል ያውቃል። ችግሩ እውቀቱ ጭንቅላቱ ውስጥ እንጂ በጀቱም ሆነ የጊዜ ሰሌዳው ውስጥ አለመኖሩ ነው። «ይህ ሰፈር አፈሩ ክፉ ነው» ብሎ ይናገራል፣ ሁሉም ይስማማል፣ ከዚያ ሥዕሉ ላይ በተጻፈው ጥልቀት ቁፋሮ ይጀመራል። ውሃው ጉድጓዱን ከሞላ በኋላ «ብዬ ነበር» ይላል፤ እውነትም ብሎ ነበር። መዝገቡ የሚያደርገው ያንን ንግግር ወስዶ አራት ነገር ማያያዝ ነው፦ የመድረስ ዕድሉ ምን ያህል ነው፣ ከደረሰ ስንት ያስወጣል ወይም ስንት ቀን ይበላል፣ የሚከታተለው ማን ነው፣ እስከ መቼ ምን ይደረጋል። ለእንዲህ ያለ ቤት ከአሥር እስከ አሥራ አምስት መስመር ይበቃል። አርባ መስመር ያለው መዝገብ አይቼ አውቃለሁ፤ ከጻፈው ሰው በቀር ያነበበው አልነበረም።

አንድ ስጋት እንዴት ነው የሚጻፈው?

«የአፈር ችግር»፣ «ዝናብ»፣ «የዋጋ ንረት» ተብሎ ከተጻፈ ምንም አልተጻፈም ማለት ነው። አንድ መስመር ምክንያቱን፣ ሊከሰት የሚችለውን ነገርና ውጤቱን ለየብቻ ማሳየት አለበት። የአፈሩ መስመር እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«ቦታው ላይ የሙከራ ጉድጓድ ስላልተቆፈረ፣ ጥቁር አፈሩ ሥዕሉ ከገመተው 1.5 ሜትር በላይ ጠልቆ ሊገኝ ይችላል፤ ይህ ከሆነ ቁፋሮውና ሙሌቱ ጨምሮ 400 ሺህ ብር ያህል ተጨማሪ ወጪ ያመጣል፣ የመሠረቱም ሥራ ክረምት ውስጥ ይገባል።»

እንዲህ ሲጻፍ ምላሹ ራሱ ከምክንያቱ ይወጣል፤ ምክንያቱ ጉድጓድ አለመቆፈሩ ከሆነ የመጀመሪያው ሥራ መቆፈር ነው። በሌላ በኩል ቀድሞ የታወቀ ነገር ስጋት ሆኖ አይመዘገብም። ክረምት ሰኔ ላይ መግባቱ አያጠራጥርም፤ አጠራጣሪው መሠረቱ ከዚያ በፊት መሞላቱና አለመሞላቱ ነው።

የመከሰት ዕድሉን በምን አውቃለሁ? ግምት አይደለም ወይ?

ግምት ነው፤ ግን መነሻ ያለው ግምት። ከ1 እስከ 5 ያለው መለኪያ ትርጉም የሚኖረው ለእያንዳንዱ ቁጥር የመቶኛ ክልል ሲሰጠው ነው። ለዚህ ቤት 1 ከ10 በመቶ በታች፣ 2 እስከ 30፣ 3 እስከ 50፣ 4 እስከ 70፣ 5 ከዚያ በላይ ብንል ይበቃናል።

ቁጥሩን የሚሰጡት ማስረጃዎች ደግሞ በአብዛኛው ሰፈሩ ውስጥ አሉ። ከጎን የተሠሩት ቤቶች ስንት ሜትር ቆፍረው ጠንካራ አፈር እንዳገኙ ባለቤቶቻቸውን ወይም ዘበኞቻቸውን ጠይቁ። አጥራቸው ላይ ሰያፍ ስንጥቅ አለ? ጥቁር አፈር ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ መጀመሪያ የሚታወቀው በቀላል ግንቦች ላይ ነው። በበጋ መሬቱ ላይ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ከታየም ምልክት ነው። ከአምስት ጎረቤቶች ሦስቱ ከ2 ሜትር በላይ ቆፍረናል ካሉ ዕድሉን 4 ማለት ያስኬዳል።

አንድ ምክር፦ አሠሪው፣ ፎርማኑና ተቆጣጣሪ መሐንዲሱ ቁጥራቸውን ለየብቻ ጽፈው ከዚያ ያነጻጽሩ። አንድ ላይ ሲነጋገሩ ሁሉም መጀመሪያ በተናገረው ሰው ቁጥር ላይ ያርፋሉ። አንዱ 2፣ ሌላው 5 ካለ ከአማካዩ ይልቅ የሚጠቅመው 5 ያለው ሰው ያየውን መስማት ነው።

የጉዳቱን መጠንስ?

ለዚህ መለኪያው ከራሱ በጀት ይወጣል። በ12 ሚሊዮን ብር ቤት ላይ እስከ 60 ሺህ ብር የሚደርስ ጉዳት 1፣ እስከ 240 ሺህ 2፣ እስከ 600 ሺህ 3፣ እስከ 1.2 ሚሊዮን 4፣ ከዚያ በላይ 5 ይሁን። በጊዜ ደግሞ እስከ ሦስት ቀን 1፣ እስከ ሳምንት 2፣ እስከ ሦስት ሳምንት 3፣ እስከ ሁለት ወር 4፣ ከዚያ በላይ 5። አንድ ስጋት ሁለቱንም ከነካ ከፍተኛው ቁጥር ይያዛል። የአፈሩ ስጋት በብር 3 ነው፤ ነገር ግን ሥራውን ክረምት ውስጥ ስለሚከተው በጊዜ 4 ይሆናል፤ ስለዚህ 4 ይጻፋል። የሰው ሕይወት ወይም አካል የሚነካ ነገር ያለ ክርክር 5 ነው።

ሁለቱን ማባዛት ብቻ ይበቃል?

መዝገቡን በኤክሴል ለያዘ ሰው ዕድሉ በ`C`፣ ጉዳቱ በ`D` አምድ ከሆነ ቀመሩ ይህ ነው፦

```
=C2*D2
```

ውጤቱ መስመሮቹን ለመደርደር ይረዳል፤ ውሳኔ ግን አይሰጥም። አምስት ጊዜ አንድም፣ አንድ ጊዜ አምስትም 5 ነው። የመጀመሪያው በየሳምንቱ ጥቂት ብሎኬት መሰበሩ ሊሆን ይችላል፤ ሁለተኛው ሰው መሞቱ ነው። ስለዚህ ጉዳቱ 5 የሆነ መስመር ሁሉ፣ ነጥቡ ምንም ያህል ትንሽ ቢሆን፣ ምላሽና ኃላፊ ይኖረዋል።

በከተማችን ጠባብ መንገዶች በጣም የሚረሳው የኤሌክትሪክ መስመር ነው። በየሰፈሩ የሚያልፈው የመካከለኛ ቮልቴጅ መስመር 15 ሺህ ቮልት ነው፣ በአንዳንድ ቦታም 33 ሺህ። አንድ ቤርጋ ብረት ደግሞ 12 ሜትር ይረዝማል። ሠራተኛ ያንን ከመንገድ አቁሞ ወደ አንደኛ ፎቅ ሲያቀብል ጫፉ የት እንደሚደርስ ቆማችሁ ተመልከቱ። ብረቱ መስመሩን ሳይነካ በጣም መጠጋቱ ብቻ ይገድላል። ለዚህ መስመር ምላሹ ማስወገድ መሆን አለበት፦ ብረት መሬት ላይ በልኩ ተቆርጦና ታስሮ፣ በቤቱ ጀርባ በኩል ብቻ ይወጣል። መስመሩ ለፎቁ በጣም ከቀረበ የሶሌታው፣ ማለትም የፎቁ ኮንክሪት ወለል፣ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ለኤሌክትሪክ አገልግሎት የማዛወር ማመልከቻ ይገባል። ማመልከቻው ጊዜ ስለሚወስድ የሚገባበት ቀን መዝገቡ ላይ ይጻፋል።

የስጋቱ ኃላፊ ማን ይሁን?

አንድ ሰው፣ በስሙ። «ኮንትራክተሩና አሠሪው» ተብሎ ከተጻፈ ማንም የለም ማለት ነው። ኃላፊው ሥራውን በእጁ የሚሠራው ላይሆን ይችላል፤ ግን ምልክቱን ቀድሞ ለማየት የሚያስችል ቦታ ላይ ያለና ምላሹን ለማዘዝ ሥልጣን ያለው ሰው መሆን አለበት። ከሁለቱ አንዱ ሲጎድል ነው የሚበላሸው። ብረት የሚገዛው አሠሪው ሆኖ ሳለ የብረት ዋጋን ስጋት ለፎርማኑ መስጠት ትርጉም የለውም፤ ዋጋ መጨመሩን ቢሰማ እንኳ ገንዘቡ በእጁ አይደለም። የቁፋሮው ግድግዳ መደርመስን ደግሞ ለአሠሪው መስጠት እንዲሁ ነው፤ እሱ የሚመጣው ቅዳሜ ነው።

እኔ ውጭ አገር ነኝ፤ ወንድሜ ነው የሚከታተልልኝ። ኃላፊው እሱ ነው?

ለአንዳንዱ አዎ። ከዋሽንግተን ወይም ከዱባይ ሆኖ የሚያሠራ ሰው መዝገቡ ላይ የራሱን ርቀት እንደ አንድ ምክንያት ይጻፍ፦ «አሠሪው ሳይት ላይ ስለሌለ፣ ክፍያ ከተሠራው ሥራ ሊቀድም ይችላል፤ ኮንትራክተሩ ሥራውን ቢተው የተከፈለው አይመለስም።» የዚህ ኃላፊ አሠሪው ራሱ ነው፤ ገንዘቡን የሚልከው እሱ ነውና። ምላሹም ክፍያን በደረጃ መክፈል ነው፦ የምሶሶ እግር የሆነው ፉቲንግ፣ መሠረቱን የሚያስረው ግሬድ ቢም፣ የመጀመሪያ ሶሌታ እያሉ፣ እያንዳንዱ ደረጃ ማለቁን ከኮንትራክተሩ ጋር ዝምድናም ጥቅምም የሌለው መሐንዲስ ለክቶ ሲያረጋግጥ ብቻ።

ወንድምዎ ግን ሳይት ላይ የሚታየውን መያዝ ይችላል። በቤተሰብ መካከል «አላመንከኝም ወይ?» የሚል ቅሬታ እንዳይመጣ መዝገቡን አብራችሁ ሙሉት። የተጻፈ ነገር ኋላ ሲጠየቅ የሥራ ጥያቄ ይሆናል እንጂ የእምነት ጥያቄ አይሆንም።

ከምላሾቹ የትኛውን ልምረጥ?

አራት መንገድ አለ፦ ማስወገድ፣ መቀነስ፣ ለሌላ ማስተላለፍ፣ መቀበል። አመራረጡን ከትርጉሙ ይልቅ በአፈሩ ጉዳይ ላይ ማየት ይቀላል።

ስጋቱን ሙሉ በሙሉ ማስወገድ ሌላ ቦታ መግዛት ነው፤ ቦታው አስቀድሞ ከተገዛ ይህ ተዘግቷል። መቀበል እንዳይባል ነጥቡ 16 ነው። መቀነስ ግን ርካሽ ነው። ውል ከመፈረሙ በፊት በቤቱ ሁለት ተቃራኒ ማዕዘኖች 3 ሜትር የሚጠልቁ ሁለት ጉድጓዶች ይቆፈሩ፤ የስትራክቸር መሐንዲሱም መጥቶ ይይ። ጉድጓዱ ራሱ አደገኛ ስለሆነ ሰፋ ተደርጎ፣ ግድግዳው ደረጃ በደረጃ ወደ ውጭ እየተከፈተ ይቆፈራል፤ እንደታየም ይደፈናል። ወጪው 30 ሺህ ብር ነው እንበል።

ጥቁር አፈሩ 2.4 ሜትር ድረስ ተገኘ እንበል፤ ከግምቱ በ0.9 ሜትር ይበልጣል። የቤቱ መሬት ላይ ስፋት 120 ካሬ ሜትር ከሆነና መሐንዲሱ ሙሉ በሙሉ ወጥቶ በገረጋንቲ ይተካ ካለ፣ 120 በ0.9 ሲባዛ 108 ሜትር ኪዩብ ተጨማሪ ቁፋሮ ይሆናል። ገረጋንቲ ሲጠቀጠቅ ስለሚቀንስ ሩብ ያህል ጨምሮ 135 ሜትር ኪዩብ ማስመጣት ያስፈልጋል፤ 16 ሜትር ኪዩብ በሚጭን ሲኖትራክ ዘጠኝ ምልልስ ነው። መሐንዲሱ ሌላ መንገድም ሊመርጥ ይችላል፤ ለምሳሌ ፉቲንጎቹን ብቻ ጠንካራው አፈር ላይ ማድረስ። ውሳኔው የእሱ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ጥልቀቱ ከታወቀ በኋላ 400 ሺህ ብሩ ስጋት መሆኑ አብቅቷል፤ ወጪ ነው። ከመዝገቡ ወጥቶ በጀቱ ውስጥ ይገባል። መዝገቡ ላይ የሚቀረው ከሁለቱ ጉድጓዶች መካከል ባለው ቦታ አፈሩ የተለየ ሆኖ የመገኘቱ ትንሽ ዕድል ነው፤ 20 በመቶ፣ 150 ሺህ ብር እንበለው። ሠላሳ ሺህ ብር ያወጣነው ለዚህ ነው፦ አፈሩን አልለወጠውም፣ ግን ዜናውን ቁፋሮው ከተጀመረ በኋላ ከመስማት ታኅሣሥ ላይ እንድንሰማ አደረገን።

ብረት አስቀድሜ ልግዛ?

ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ካደረገ በኋላ የዶላር ዋጋ ከ57 ብር አካባቢ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ያኔ ሶሌታ ላይ ደርሶ ብረት ያልገዛ ሰው ይህን መስመር ለማስረዳት ምንም አያስፈልገውም። ብረታችን ወይ ተሠርቶ ወይ በጥሬ ዕቃው ከውጭ የሚመጣ ስለሆነ ዋጋው ምንዛሪን ይከተላል።

ለ240 ካሬ ሜትር ቤት በካሬ 40 ኪሎ ብንገምት 96 ኩንታል ያህል ብረት ያስፈልጋል፤ ትክክለኛው ቁጥር ከስትራክቸር ሥዕሉ የብረት ዝርዝር ይወጣል። ዋጋው ቢንር 500 ሺህ ብር ሊጨምር ይችላል ብለን እንነሣ። ግማሹን አሁን መግዛት ተጋላጭነቱን ወደ 250 ሺህ ያወርደዋል። ሁሉንም ለምን አንገዛም? ምክንያቱም ምላሹ ራሱ አዲስ ስጋት ይወልዳል፦ ገንዘቡ ይታሰራል፣ ብረቱ ይሰረቃል፣ ይዝጋል። ስስ ዝገት አይጎዳም፤ በእጅ ሲነካ እየተላጠ የሚወድቅ ዝገት ግን የብረቱን ውፍረት በልቷል ማለት ነው። ስለዚህ ከመሬት በእንጨት ከፍ ተደርጎ፣ ተሸፍኖ፣ በቤርጋ ተቆጥሮ ለዘበኛው በፊርማ ይሰጣል። እነዚህም በዚያው መስመር ላይ ይጻፋሉ።

ሲገዛ ሌላ ነገር ይታይ። ባለ 12 ሚሊ ሜትር ብረት በሜትር 0.888 ኪሎ ስለሚመዝን አንድ ቤርጋ 10.66 ኪሎ አካባቢ መሆን አለበት። አሥር ቤርጋ አስመዝናችሁ 95 ኪሎ ቢመጣ፣ በቤርጋ ዋጋ ረከሰ ያላችሁት ብረት ቀጭን ነበር።

ከነዕቃው ተዋውዬ የዋጋውን ስጋት ለኮንትራክተሩ ባስተላልፈውስ?

ይቻላል፤ ግን በነፃ አይደለም። ኮንትራክተሩ ስጋቱን ዋጋው ላይ ይጨምራል፤ ካልጨመረ ደግሞ የበለጠ ሊያሳስባችሁ ይገባል። አቅሙ አነስተኛ የሆነ ኮንትራክተር ዋጋው በሲሶ ሲጨምር ከኪሱ ከፍሎ አይቀጥልም፤ ሥራውን ይተዋል። ያኔ ያስተላለፋችሁት ስጋት ካልተጠናቀቀ ቤት ጋር ተመልሶ ይመጣል። እኔ ለዚህ መጠን ቤት የዋጋን ስጋት አሠሪው እንዲይዝ፣ የሥራ ጥራትንና የመሣሪያ ብልሽትን ኮንትራክተሩ እንዲይዝ እመርጣለሁ። ለእሳት፣ ለጎርፍና በጎረቤት ንብረት ላይ ለሚደርስ ጉዳት የግንባታ ሥራ መድን አለ። መድን ገንዘቡን ይተካል እንጂ የጠፋውን ጊዜ አይመልስም፤ ሳይከፈል የሚቀረውን የመጀመሪያ ድርሻ መጠንም ፖሊሲው ላይ አንብቡ።

ተሞልቶ ሲያልቅ ምን ይመስላል?

አራት መስመር ለምሳሌ፤ ነጥቦቹ ምላሽ ከመወሰዱ በፊት ያሉት ናቸው፣ በኃላፊው ቦታም በእናንተ መዝገብ ላይ የሰውየው ስም ይገባል።

| ስጋት | ዕድል | ጉዳት | ነጥብ | ኃላፊ | ምላሽና ቀን |
|---|---|---|---|---|---|
| ጉድጓድ ስላልተቆፈረ ጥቁር አፈሩ ከ1.5 ሜትር ሊጠልቅ ይችላል | 4 | 4 | 16 | ተቆጣጣሪ መሐንዲስ | መቀነስ፦ ሁለት የሙከራ ጉድጓድ፣ እስከ ታኅሣሥ 15 |
| ሥዕሉ በቤተሰቡ ስላልጸደቀ ክፍሎች ከተሠሩ በኋላ ሊለወጡ ይችላሉ | 4 | 3 | 12 | አሠሪው | መቀነስ፦ ሥዕሉ ላይ መፈረም፣ ከዚያ በኋላ ለውጥ ከነዋጋው በጽሑፍ |
| ብረት ወደ ላይ ሲቀበል የኤሌክትሪክ መስመር ሊነካ ይችላል | 2 | 5 | 10 | ፎርማን | ማስወገድ፦ በጀርባ በኩል ብቻ ማውጣት |
| መሠረቱ ሳይሞላ ክረምት ሊገባና ሥራው ሊቆም ይችላል | 3 | 4 | 12 | ፎርማን | መቀነስ፦ ፉቲንግ እስከ ሚያዝያ 15 ካልተሞላ ሁለተኛ ቡድን ማስገባት |

የመጨረሻውን መስመር ልብ በሉ። ሚያዝያ 15 ማንቂያ ቀን ነው፤ ከሰኔ በፊት ግንቡን ለማውጣትና ለመሙላት ገና ጊዜ አለ። ማንቂያው ግንቦት 25 ላይ ቢቀመጥ ሁለተኛ ቡድን ቢመጣም የሚጠብቀው ጭቃ ነው። በየካቲትና በሚያዝያ መካከል የበልግ ዝናብ ሊጥል ስለሚችል ጉድጓድን ሁሉ አንድ ላይ ከፍቶ አለመተውም ይረዳል።

መጠባበቂያ ስንት ልያዝ? አሥር በመቶ ይባላል።

አሥር በመቶ ሌላ መነሻ ለሌለው ሰው ነው፤ መዝገብ ያለው ማስላት ይችላል። ምላሽ ከተወሰደ በኋላ የቀረውን ዕድል በቀረው ብር አባዙ፦ አፈር 20 በመቶ በ150 ሺህ፣ 30 ሺህ፤ ብረት 40 በመቶ በ250 ሺህ፣ 100 ሺህ፤ ክረምት 20 በመቶ በ300 ሺህ፣ 60 ሺህ፤ የሥዕል ለውጥ 40 በመቶ በ250 ሺህ፣ 100 ሺህ። ድምሩ 290 ሺህ ብር ነው።

ይህ ብዙ ቤት ለሚሠራ ድርጅት ጥሩ ቁጥር ነው፤ የአንዱ ቤት ጉዳት በሌላው ደኅና መውጣት ይካካሳል። አንድ ቤት ለሚሠራ ሰው ግን ያንሳል። ክረምቱ ብቻውን ቢመታ 300 ሺህ ነው። በተጨማሪም ስጋቶቹ ለየብቻ አይመጡም፦ መሠረቱ በክረምት ሲቆም የሶሌታው ብረት ግዢም አብሮ ወራት ይገፋል፣ ዋጋው ለመጨመር ጊዜ ያገኛል። ስለዚህ አብረው ሊመጡ የሚችሉትን ሁለቱን ትልልቆች ደምሩ፤ 300 ሺህና 250 ሺህ 550 ሺህ ይሆናል። ላልተጻፈው ነገር ጥቂት ተጨምሮ 600 ሺህ፣ ማለትም የበጀቱ 5 በመቶ ቢያዝ ከሥሌቱ ጋር ይሄዳል። መሬቱ ካልተቆፈረና ብረቱ ካልተገዛ ግን አሥር በመቶም ላይበቃ ይችላል።

ገንዘቡ በሌላ የባንክ ሒሳብ ይቀመጥ፤ ማውጣት የሚቻለውም የመዝገቡ መስመር ቁጥር ሲጠቀስ ብቻ ይሁን። በሥራው መጨረሻ መጠባበቂያ የሚበላው ብዙውን ጊዜ አደጋ ሳይሆን የተሻለ ሴራሚክ ነው።

በየስንት ጊዜ መታየት አለበት?

በየክፍያው ደረጃ በሙሉ፣ በየሳምንቱ ደግሞ ማንቂያ ቀናቸው በአንድ ወር ውስጥ ያሉት መስመሮች ብቻ። ጥያቄው ሦስት ነው፦ ምልክቱ ታይቷል? ምላሹ በቀኑ ተሠርቷል? የተቀየረ ቁጥር አለ? መሠረቱ ተሞልቶ ሲያልቅ የአፈሩና የክረምቱ መስመር ከነቀኑ «ተዘግቷል» ይባላል እንጂ አይሰረዝም። ለእነዚያ የተያዘው መጠባበቂያ ካልተነካም ወደ ሶሌታውና ወደ ጣሪያው መስመሮች ሊዞር ይችላል። መስመሮቹ ለሁለት ወር አንድም ቁጥር ካልተለወጠባቸው ሥራው ጸጥ ብሎ ሳይሆን መዝገቡን የሚከፍተው ሰው ስለጠፋ ሊሆን ይችላል፤ ከፎርማኑ ጋር ሳይቱን እየዞራችሁ መስመር በመስመር አንብቡት።